«የሠራተኛው ግዴለሽነት» የምርመራ ውጤት አይደለም

ጥያቄ፦ «በአንድ ፋብሪካ የሴፍቲ ኦፊሰር ነኝ። ባለፈው ወር አንድ ኦፕሬተር ኮንቬየሩ እየዞረ ሮለሩን ሲያጸዳ እጁ ተይዞ 2 ጣቶቹን አጣ። በአምስቱ ለምን ዘዴ መረመርኩት። ለምን ተጎዳ? እጁን ስላስገባ። ለምን አስገባ? ማሽኑን ሳያቆም ስላጸዳ። ለምን አላቆመም? በግዴለሽነት። ለምን ግዴለሽ ሆነ? ስለቸኮለ። ለምን ቸኮለ? የሴፍቲ ግንዛቤ ስለሌለው። ሥራ አስኪያጁ ተስማማ። ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈ፣ ለሁሉም ሥልጠና ተሰጠ፣ ፋይሉ ተዘጋ። በዚህ ሳምንት ግን እዚያው ማሽን ላይ ሌላ ሠራተኛ ያንኑ ሲያደርግ አየሁ። ሥልጠናው ለምን አልሠራም? እኔስ የተሳሳትኩት የት ላይ ነው?»

ምላሽ፦

የተሳሳቱት ሦስተኛው ለምን ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መልሶች ሊታዩ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። እጁ ገብቷል፤ ማሽኑ አልቆመም። ማንም ሰው ሄዶ ሊያረጋግጣቸው ይችላል። «በግዴለሽነት» የሚለው ግን ማንም ያየው ነገር አይደለም። ፍርድ ነው። ግዴለሽነትን ፎቶ ማንሳት አይቻልም፣ መለካት አይቻልም፣ ከስቶር መዝገብ ላይም አይገኝም። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት መልሶች ደግሞ ያንን ፍርድ ለማስረዳት የተጨመሩ ግምቶች ናቸው። ወረቀቱ ላይ አምስት ለምን ቢኖርም የተመረመረው ሁለቱ ብቻ ነው።

ሥልጠናው ያልሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሥልጠና የሚጠቅመው ሰው የማያውቀውን ሲያስተምር ነው። ሠራተኞቹ የሚዞር ሮለር እጅ እንደሚይዝ ያውቃሉ። ባልደረባቸው ሲጎዳ ያዩ ሰዎች ናቸው። ይህን እያወቁ አሁንም እጃቸውን የሚያስገቡ ከሆነ፣ እንዲያስገቡ የሚያደርጋቸው ነገር አልተነካም ማለት ነው። በዚህ ሳምንት ያዩት ሰው ሥልጠናውን የናቀ አይምሰልዎ። ምርመራው እንዳላለቀ የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሁለት የተለያዩ ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ቆመው አንድ ዓይነት ነገር ካደረጉ፣ መጠየቅ ያለበት ሥራው የተዘጋጀበት መንገድ ነው።

የእርስዎን ማሽን ስላላየሁ ስለ እሱ አልፈርድም። ነገር ግን በጣም የሚመሳሰል ጉዳይ በዝርዝር ላሳይዎት። ቦታው የእንስሳት መኖ ማቀነባበሪያ ነው። ኮንቬየሩ ሞላሰስ የተቀላቀለበትን መኖ ወደ ማሸጊያው ያደርሳል። ሞላሰስ እንደሚያውቁት ይጣበቃል። መኖው ቀበቶው ላይ ይለጠፍና ወደ ኋለኛው ሮለር ሄዶ እዚያ ይጋገራል። የተጋገረው ሲወፍር ቀበቶው ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ መኖውም መሬት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ ኦፕሬተሩ በየፈረቃው ሁለት ሦስት ጊዜ በብረት ዘንግ ይፍቀዋል። አንድ ሌሊት ዘንጉ ቀበቶውና ሮለሩ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ተነከሰ። እጁም አብሮ ሄደ። የመጀመሪያው ሪፖርት «ማሽን ሳያቆም በማጽዳቱ» ይላል። ልክ እንደ እርስዎ።

እስኪ «ለምን አላቆመም?» የሚለውን ያለ ፍርድ እንጠይቀው። መልሱ የተገኘው ከሌላ ፈረቃ ኦፕሬተር ነው፤ ያውም ማሽኑ አጠገብ ቆሞ በእጁ እያሳየ። የተጋገረው መኖ በሮለሩ ዙሪያ ሁሉ ነው። ማሽኑ ከቆመ ከፊት ያለውን ጎን ብቻ ነው መፋቅ የሚቻለው። የቀረው ከታችና ከጀርባ ነው፤ እጅ አይደርስበትም። ሮለሩን በእጅ ለማዞር ደግሞ ቀበቶው ተወጥሮ ይይዘዋል። ስለዚህ ሥራው በተሰጠው መሣሪያ ሊሠራ የሚችለው ሮለሩ ሲዞር ብቻ ነበር። «አቁመህ አጽዳ» የሚለው መመሪያ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። በዚያ መመሪያ ግን ማጽዳት አይቻልም ነበር።

ሁለተኛ ነገርም ነበር። ኮንቬየሩ ጭነት እንደያዘ ከቆመ በኋላ ሲነሳ ሞተሩ አይችለውም፤ መከላከያው ኃይሉን ይቆርጣል። ያኔ መኖውን ከቀበቶው ላይ በአካፋ ማውረድ ያስፈልጋል። መከላከያውን መልሶ ለማስነሳት ደግሞ የኤሌክትሪክ ክፍሉ ቁልፍ ይፈለጋል። ቁልፉ ያለው ቀን በሚሠራው ቴክኒሻን ኪስ ነው። በሌሊት አንዴ ያቆመ ሰው እስከ ንጋት ሊቆም ይችላል። ይህንን ኦፕሬተሮቹ ሁሉ ያውቃሉ፤ የፈረቃ ኃላፊውም ያውቃል። ቢሮ ሆኖ መመሪያውን የጻፈው ሰው ግን አያውቅም።

አሁን «ግዴለሽ» የሚለው ቃል ምን እንደሸፈነ ይታያል። አንዱ ቃል ሁለት የማሽን ችግር፣ አንድ የቁልፍ ችግርና አንድ ሊሠራበት የማይችል መመሪያ ከዓይን ሰውሯል። ሰውየው ተቀጥቶ ቢሆን ኖሮ አራቱም እንዳሉ ይቀጥሉ ነበር።

ይህ ብቻ አይደለም። «ለምን ተጎዳ?» የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ ከአንድ በላይ ቅርንጫፍ አለው። እጁ የተያዘው ማሽኑ ስላልቆመ ብቻ ሳይሆን የሮለሩ መከለያ ስላልነበረም ነው። መከለያው የት ነበር? ግድግዳው ሥር ተደግፎ ቆሟል። ላዩ ላይ ብዙ የመኖ ብናኝ ተከማችቷል። መታሰር በሚገባው ቦታ ላይ ያሉት 6 የብሎን ቀዳዳዎች ደግሞ በደረቀ መኖ ተደፍነዋል። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሌሊት አይሆንም። መከለያው ከተነሳ ሳምንታት አልፈዋል ማለት ነው። በእነዚያ ሳምንታት ሦስቱም ፈረቃ፣ የፈረቃ ኃላፊዎቹና የጥገና ሰዎቹ በአጠገቡ ያልፉ ነበር። ለምን ተነሳ? ለማጽዳት 6 ብሎን መፍታት ያስፈልጋል። ለምን አልተመለሰም? ከጥቂት ሰዓት በኋላ እንደገና መፈታቱ ስለማይቀር። መከለያው ራሱ፣ ማጽዳት የሚባል ሥራ እንዳለ ሳይታሰብ ነው የተሠራው።

ሦስተኛው ቅርንጫፍ መኖው ለምን ያን ያህል እንደተጋገረ ነው። ከቀበቶው ሥር የተጣበቀውን የሚጠርግ ጎማ አለ። ያ ጎማ አልቆ ብረቱ ብቻ ቀርቷል። የጥገና ክፍሉ አዲስ እንዲገዛ ከወራት በፊት ጠይቋል። ግዢ ክፍሉ አላስቸኮለውም። እዚህ ላይ ብዙ መርማሪ ደስ ይለውና «የግዢ ኃላፊው ግዴለሽነት» ብሎ ይዘጋዋል። ይህ ያንኑ ስህተት አንድ ፎቅ ከፍ አድርጎ መድገም ነው። የግዢ ኃላፊውም ለምን እንዲህ እንደሠራ መጠየቅ አለበት። የመጠየቂያ ቅጹ ላይ ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፦ «ምርት ያቆማል» ወይም «ምርት አያቆምም»። ጎማው ሲያልቅ ምርት አይቆምም፤ አንድ ሰው በብረት ዘንግ ስለሚፍቅ። ስለዚህ ጥያቄው ወረፋው መጨረሻ ላይ ገባ። የሰውየው ድካም የማሽኑን ጉድለት ደብቆት ነበር ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያወጣው ረቂቅ ዘዴ አይደለም። ያው ለምን የሚለው ጥያቄ ነው። ልዩነቱ እያንዳንዱ መልስ በዓይን የታየ፣ በሰነድ የተገኘ ወይም ሥራውን በሚሠራው ሰው የተነገረ መሆኑ ነው። ዘዴው ከቶዮታ የመጣ ነው፤ የሐሳቡ ጀማሪ ሳኪቺ ቶዮዳ እንደሆነ ይነገራል። የቶዮታ መሐንዲስ የነበረው ታይቺ ኦኖ ለማስረዳት የተጠቀመበት ምሳሌም ይኸው ነው የሚያሳየው። ማሽን ቆመ፤ ፊውዙ ስለተቃጠለ። ፊውዙ ተቃጠለ፤ ኩሽኔታው በቂ ዘይት ስላላገኘ ጫና በዛበት። ዘይት አላገኘም፤ ፓምፑ በደንብ ስለማይስብ። ፓምፑ አልሳበም፤ ዘንጉ ስለተበላ። ዘንጉ ተበላ፤ ማጣሪያ ስለሌለው የብረት ፍቅፋቂ ገባበት። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንድም የሰው ጠባይ የለም። እያንዳንዱን መልስ ፈትቶ ማየት ይቻላል። የመጨረሻው መልስ ላይ ደግሞ ምን መሥራት እንዳለበት ግልጽ ነው፤ ማጣሪያ ይገጠማል። ፊውዙን ብቻ ቀይሮ የሄደ ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይመለሳል። ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎ ፋይል መዝጋት ፊውዝ መቀየር ነው።

ሠራተኛውን መውቀስ ለምን እንደሚያሳስት በደንብ የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቢ-17 የሚባሉት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በሰላም ካረፉ በኋላ፣ መሬት ላይ እንዳሉ ጎማቸውን ወደ ውስጥ እየሰበሰቡ በሆዳቸው ይወድቁ ነበር። ሪፖርቱ የሚለው «የአብራሪ ስህተት» ነው። እውነት ነው፤ ማብሪያውን የነካው አብራሪው ነው። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ግን የአብራሪውን ክፍል አየ። የጎማው ማብሪያና የክንፉ ፍላፕ ማብሪያ ጎን ለጎን ናቸው፤ መልካቸውም አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱ ተለያይተው በተሠሩባቸው አውሮፕላኖች ላይ ይህ አደጋ አይታይም። መፍትሔው ቀላል ነበር። የጎማው ማብሪያ ጫፍ ላይ ትንሽ ጎማ፣ የፍላፑ ላይ ደግሞ የክንፍ ቅርጽ ያለው ነገር ተገጠመ። እጅ ሳያይ እንኳ ይለያቸዋል። ዛሬም የመንገደኛ አውሮፕላን የጎማ ማንሻ ጫፍ ላይ ያ የጎማ ቅርጽ አለ። አብራሪዎቹ የሠለጠኑና ሕይወታቸው በእጃቸው ያለ ሰዎች ነበሩ። ጥንቃቄ ጎድሏቸው አልነበረም።

«ተጠንቀቅ» የሚለው ምክር በእርስዎ ማሽን ላይ ያለውን ወሰን በቁጥር ማየት ይቻላል። ቀበቶው በሰከንድ 1 ሜትር ይሄዳል እንበል። ሰው እጁ እንደተያዘ ሲሰማው ለመሳብ ቢፈጥን ሩብ ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። በዚያች ሩብ ሰከንድ ቀበቶው 25 ሳንቲ ሜትር ተጉዟል። ከጣት ጫፍ እስከ እጅ አንጓ ያለው ርዝመት ከዚያ ያነሰ ነው። ሰውየው ምንም ያህል ንቁ ቢሆን እጁ ገብቶ አልቋል። በዚያ ቦታ ላይ የሚያድነው እጁ እንዳይደርስ የሚከለክል ነገር ነው።

አሁን ስለ ሕጉ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ምርመራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊ ነው። ነገር ግን ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ኃላፊነቱ ይቀራል። በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ መጣስም እንደዚያ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ድርጅቱ «መመሪያ ጥሷል» የሚል ሪፖርት የሚወድበት የገንዘብ ምክንያት አለው። ይህ የክርክር ጉዳይ ነው፤ ለሕግ ክፍሉ ይተዉለት። የእርስዎ ጥያቄ «ማን ይከፍላል?» ሳይሆን «ነገ ሌላ ሰው እዚያ ቢቆም ምን ያገኘዋል?» ነው። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ከተጻፉ ሁለተኛው ይሞታል። ማስጠንቀቂያ እንደሚከተል ያወቀ ሠራተኛ «መከለያው ከወር በፊት ነው የተነሳው» ብሎ አይነግርዎትም።

ይህ ሁሉ ግን ማንም ሰው በምንም አይጠየቅም ማለት አይደለም። ሰክሮ የገባ፣ ባልደረባውን ሊጎዳ ያሰበ፣ ማንም የማያደርገውን ነገር ብቻውን ያደረገ ሰው በዲሲፕሊን ይታያል። ለመለየት አንድ ቀላል ጥያቄ አለ። ያንኑ ልምድና ያንኑ ሥልጠና ያለው ሌላ ሰው በዚያ ሌሊት በዚያ ቦታ ቢቆም ያንኑ ያደርግ ነበር ወይ? መልሱ «አዎ» ከሆነ ጉዳዩ የግለሰብ አይደለም። የእርስዎ ፋብሪካ ይህን ጥያቄ በዚህ ሳምንት መልሶታል።

ስለ ዘዴው ራሱም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አምስት የሚለው ቁጥር ሕግ አይደለም። አንዳንዱ ሦስት ላይ ያልቃል፤ አንዳንዱ ሰባት ይደርሳል። ማቆም ያለብዎት ፋብሪካው ሊለውጠው የሚችል ነገር ላይ ሲደርሱ ነው። ከዚያ አልፈው «የሥራ ባህላችን» ወይም «የውጭ ምንዛሬ እጥረት» ላይ ከደረሱ ከልክ አልፈዋል፤ አንድ ደረጃ ይመለሱ። ሌላው ድክመቱ መርማሪው የማያውቀውን ሊያወጣ አለመቻሉ ነው። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ቢሠሩት ሁለት የተለያየ ሰንሰለት ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ ብቻዎን አይሥሩት። አንድ ኦፕሬተርና አንድ የጥገና ሰው አብረውዎት ይቀመጡ፤ አንድ መስመር ሳይሆን ቅርንጫፍ ይሳሉ። ብዙ ሰው የሞተበት፣ ፍንዳታ ወይም የኬሚካል መፍሰስ ያለበት አደጋ ሲሆን ደግሞ ይህ ዘዴ ብቻውን አይበቃም። በሰዓትና በደቂቃ የተዘረጋ የክስተት ቅደም ተከተልና ሌላ ጠለቅ ያለ ትንተና ይፈልጋል።

ሪፖርትዎ የተበላሸ መሆኑን ለማወቅ የመፍትሔ ዝርዝሩን ያንብቡ። «ያስጠንቀቅ፣ ይሠልጥን፣ ይጠንቀቅ፣ ክትትል ይደረግ» ብቻ ከሆነ ማሽኑ ላይ አንድ ብሎን አልተነካም። በመኖ ፋብሪካው በመጨረሻ የተደረገው ይህ ነው። ለስላሳው ሮለር ወጥቶ ክንፍ ክንፍ ያለው ሮለር ገባ፤ መኖው በክንፎቹ መሃል ስለሚወድቅ አይጋገርም። እንዲህ ያለውን ጎበዝ ብየዳ ቤት ይሠራዋል። የመጥረጊያው ጎማ ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ስቶር ውስጥ እንዲኖር ተወሰነ። መከለያው ብረት መረብ ሆኖ ተሠራ፤ የተራገፈው ከታች ይወጣል፣ ሮለሩም ሳይከፈት ይታያል። ማቆም ሲያስፈልግ መጀመሪያ መኖ የሚያስገባው ይዘጋል፣ ቀበቶው ባዶውን ይዞራል፣ ከዚያ ይቆማል፤ ኃይሉ ተቆርጦ ይቆለፋል። የኤሌክትሪክ ክፍሉ ቁልፍም በሌሊት ኃላፊነት ላለው የሠለጠነ ሰው ተሰጠ። ሥልጠናው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ አዲሱን አሠራር ለማሳየት።

ለእርስዎ የምመክረው እንዲህ ነው። ፋይሉን ይክፈቱት። ዛሬውኑ ማሽኑ መከለያ ከሌለው መከለያ እስኪኖረው ይቁም፤ ይህ ምርመራ አይጠብቅም። ከዚያ ሥራ አስኪያጁን ይዘው በሌሊት ፈረቃ ማሽኑ ዘንድ ይሂዱ። ቢሮ ውስጥ ማሳመን ከባድ ነው፤ እዚያ ግን ሰውየው ራሱ ያያል። ኦፕሬተሩን «ለምን እንዲህ ታደርጋለህ?» አይበሉት፤ ወዲያው ይከላከላል። «ሲጋገር እንዴት ነው የምታጸዳው? አሳየኝ እስኪ» ይበሉት። ሲያሳይዎት ግን ማሽኑ ይቁም። የተጎዳውንም ሰው ያነጋግሩ፤ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የመጀመሪያው ምርመራ ውስጥ ቃሉ ተጠይቆ ነበር ወይ? ከጥያቄዎ ውስጥ አላየሁትም።

ማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ደግሞ አዲሱ ምርመራ እስኪያልቅ በጽሑፍ ይታገድ። ይህን ሥራ አስኪያጁ ቀድሞ ካላደረገ ከሌሎቹ ፈረቃዎች እውነቱን አያገኙም፤ ምርመራውን ባይጀምሩት ይሻላል። ለውጦቹ ከተደረጉ ከ3 ወር በኋላ ሳይነግሩ በሌሊት ተመልሰው ይሂዱ። ሦስት ነገር ብቻ ይዩ፦ መከለያው ቦታው ላይ አለ ወይ፣ ትርፍ ጎማው ስቶር ውስጥ አለ ወይ፣ የብረት ዘንጉስ አሁንም ሮለሩ አጠገብ ቆሟል ወይ። ዘንጉ እዚያ ካለ አሁንም የሚፍቅ ሰው አለ፤ ለምን የሚለውን ከዚያ ይቀጥሉ።